ሎጁ ቪዲዮውን «ያለ ጊዜ ገደብ» ሲጠይቅ ስንት እንበል?

ጥያቄ፦ «እኔና ጓደኛዬ ባሕር ዳር ሆነን ስለ ጣና ገዳማት፣ ስለ ዘጌና ስለ ጢስ ዓባይ ዩቲዩብ ላይ የጉዞ ቪዲዮ እንሠራለን። 41 ሺህ ሰብስክራይበር አለን። አንድ የሐይቅ ዳር ሎጅ ኅዳር ላይ በምናወጣው የዘጌ ቪዲዮ መሃል 75 ሰከንድ እንድናስተዋውቀው 15 ሺህ ብር አቅርቦልናል። ግን ያንን ክፍል ቆርጦ በራሱ ገጽም ሆነ በቲክቶክ ማስታወቂያ ያለ ጊዜ ገደብ መጠቀም ይፈልጋል። ከዚህ በፊት ለአንድ የባህል ልብስ ሱቅ ሁለት ጊዜ በ6 ሺህ ብር ሠርተናል። የ12 ቪዲዮዎቻችንን እይታና የተመልካቾቻችንን አገርና ከተማ አያይዘናል። እንቀበል ወይስ ስንት እንበል?»

መልስ፦

ችግሩ 15 ሺህ ብሩ አይደለም። ለ75 ሰከንዱ ብቻ ቢሆን ደህና ገንዘብ ነው፤ ካያያዛችሁት ቁጥር ተነስቼ እኔ 10 ሺህ ነው የምለው። ስለዚህ ሎጁ «ያለ ጊዜ ገደብ» ለምትለው ነገር የመደበው 5 ሺህ ብር ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከጠቅላላው ጥያቄ ግን ከባዷ እሷ ናት። እንዳለ አትቀበሉት፣ እምቢም አትበሉ። ዋጋውን ከፋፍላችሁ መልሱላቸው።

በመጀመሪያ እይታውን እናስተካክል። 41 ሺህ ሰብስክራይበር ለዚህ ሒሳብ አይጠቅምም፤ ሎጁ የሚገዛው የሚቀጥለውን ቪዲዮ የሚያየውን ሰው ነው። የላካችሁት የ12 ቪዲዮዎች የ30 ቀን እይታ እንዲህ ነው፦ 9,400፣ 11,200፣ 8,700፣ 64,000፣ 10,300፣ 7,900፣ 12,600፣ 9,900፣ 3,100፣ 10,800፣ 8,400 እና 11,700። ሁሉንም ደምራችሁ ለ12 ብታካፍሉ 14,000 ይመጣል፤ ብዙ ሰው ለስፖንሰር የሚልከውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን ከ12ቱ ውስጥ 14 ሺህ የደረሰው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ እሱም ክረምት ላይ ጢስ ዓባይ ሞልቶ የቀረጻችሁት 64 ሺው። ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን አውጥታችሁ የቀሩትን 10 ብታካፍሉ 10,090 ይሆናል። ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድራችሁ መሃል ላይ ያሉትን ሁለቱን ብትወስዱም 10,100 ነው። ሁለቱ መንገዶች እንዲህ ሲገጥሙ ቁጥሩ ይታመናል፤ ስለዚህ 10 ሺህ በሉ። 14 ሺህ ብላችሁ 10 ሺህ ብታመጡ ሎጁ ሁለተኛ አይመለስም።

የ30 ቀኑ ነገር ለሁሉም እኩል መሆን አለበት። ከስምንት ወር በፊት የወጣን ቪዲዮ የዛሬ እይታ ካለፈው ሳምንት ቪዲዮ ጋር መቀላቀል አማካዩን ያሳብጠዋል። በ`Analytics` ውስጥ ቪዲዮውን ከፍታችሁ በ`Custom` የወጣበትን ቀን መነሻ፣ 30ኛውን ቀን መድረሻ አድርጉ። ሾርትስ ካላችሁ ከዚህ ሒሳብ ፈጽሞ አታስገቡ። ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ ዩቲዩብ የሾርትስን እይታ የሚቆጥረው ቪዲዮው መጫወት ከጀመረበት ቅጽበት ነው፤ ጣቱን እያንሸራተተ ያለፈውም ይቆጠራል። ስለዚህ የሾርትስ አንድ ሺህና የረጅም ቪዲዮ አንድ ሺህ ዋጋቸው አንድ አይደለም።

ሌላው ሎጁ ያልጠየቃችሁ ግን ሊጠይቃችሁ የሚገባው ነገር፣ ከ10 ሺው ስንቱ ማስታወቂያው ጋ ይደርሳል የሚለው ነው። የተመልካች ቆይታውን ግራፍ እዩ። ማስታወቂያውን 9ኛው ደቂቃ ላይ ብታስገቡትና ግራፉ እዚያ 30 በመቶ ቢል፣ ሎጁ የገዛው 3 ሺህ ሰው ነው። በዘጌ ቪዲዮ ጥሩው ቦታ ጀልባው ከባሕር ዳር ተነስቶ ሐይቁ ላይ እያለ ነው። ተመልካቹ ገና ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት እየጠበቀ ስለሆነ አይወጣም። ውሃው ላይ ሆኖ ስለ ሐይቅ ዳር ማረፊያ ማውራትም ከወሬው ጋር ይሄዳል። የገዳሙ ሥዕሎች ከታዩ በኋላ ግን የመጣበትን አይቷል፤ ብዙው ያኔ ይዘጋል። ቦታውን በውሉ ላይ «ከ2ኛው እስከ 4ኛው ደቂቃ ባለው ውስጥ» ብላችሁ ጻፉት፤ ዋጋችሁን ለመከላከል ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

አሁን ለአንድ ሺህ እይታ ስንት? አገር ውስጥ ሁሉም የሚስማማበት ተመን የለም። ከውጭ ቻናሎች የሚነገረውን የዶላር ተመን በምንዛሬ አብዝቶ ማቅረብም ለባሕር ዳር ሎጅ ትርጉም አይሰጥም። መነሻችሁ የራሳችሁ ያለፈ ሥራ ይሁን። የልብስ ሱቁ ለ10 ሺህ እይታ 6 ሺህ ከፍሏል፤ በሺህ 600 ብር ማለት ነው። ሱቁ ደግሞ ሁለተኛ መጥቷል። ሳይከራከር የተመለሰ ደንበኛ ዋጋው ዝቅ ብሎ እንደነበር ይጠቁማል፤ ለሚቀጥለው ከሩብ እስከ ሲሶ መጨመር አያስደነግጥም። 800 ብር እንበል፤ በ10 ሺህ እይታ 8 ሺህ ብር። ይህ ከመሥሪያ ወጪያችሁ በታች እንዳይሆን ብቻ አረጋግጡ፦ ሎጁ ድረስ ሄዶ መቅረጹ፣ ጽሑፉ፣ ኤዲቱና ቢያንስ አንድ ዙር እርማት ተደምረው 8 ሺህ የሚጠጉ ከሆነ፣ እይታው ምንም ይሁን ምን ከዚያ በላይ መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ ተመልካቹ ለሎጁ ምን ያህል ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተመልካቾቻችን በጣም ንቁ ናቸው» ብሎ ያልፋል፤ ሎጁ ግን ንቁ ሰው ሳይሆን አልጋ የሚይዝ ሰው ነው የሚፈልገው። በላካችሁት ምስል አዲስ አበባ 31 በመቶ፣ ባሕር ዳር 9 በመቶ፣ አሜሪካ 19 በመቶ ነው፤ የቀረው በሌሎች ከተሞችና አገሮች ተበትኗል። የባሕር ዳር ሰው ሎጁ አያድርም፤ እሑድ ምሳ ሊበላ ይሄድ ይሆናል እንጂ። ለአልጋ የሚሆኑት ለእረፍት የሚመጣው የአዲስ አበባ ሰውና ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት የሚገባው ዲያስፖራ ናቸው። ሁለቱ ሲደመሩ 50 በመቶ፣ ማለትም ከ10 ሺው 5 ሺህ እይታ ነው።

ይህን ከሎጁ ወገን ሆናችሁ አስሉት። አንድ ክፍል በቀን 4,500 ብር ነው እንበል፤ ትክክለኛውን ጠይቋቸውና በቦታው አስገቡ። ሁለት ሌሊት የሚያድር እንግዳ 9 ሺህ ይከፍላል፤ ወጪው ተቀንሶ 4 ሺህ ቢተርፋቸው፣ 10 ሺህ ብር የከፈሉት ማስታወቂያ በሦስት እንግዳ ይመለሳል። ከ5 ሺህ ተስማሚ እይታ ሦስት እንግዳ ማምጣት የሚታመን ነገር ነው። ስለዚህ በ8 ሺው ላይ ሩብ ጨምራችሁ 10 ሺህ ማለት ትችላላችሁ፤ ምክንያቱንም በቁጥር ታስረዳላችሁ።

ያው ቪዲዮ ባሕር ዳር ላለ ብሎኬትና ቆርቆሮ ሻጭ ቢቀርብ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ለእሱ የሚሆነው የከተማው ነዋሪ ብቻ ስለሆነ ከ10 ሺው 900 ነው የሚደርሰው፤ ቤት እየሠራ ያለው ደግሞ ከዚያም ጥቂቱ ነው። እሱን 8 ሺህ ማስከፈል ተገቢ አይደለም፤ በግማሽ መሥራት፣ አለዚያም ወደ ከተማው ሬዲዮ መምራት ይሻላል።

ለሎጁ ከሩብ በላይ የማልጨምረው ገና ማስረጃ ስለሌላችሁ ነው። ማስረጃውን በዚህ ሥራ ሰብስቡ። ሰው እዚህ አገር ክፍል የሚይዘው በአብዛኛው ደውሎ ነው፤ ስለዚህ ሊንክ ብቻ አትስጡ። «ስትደውሉ ዘጌ በሉ፣ 10 በመቶ ይቀነስላችኋል» ይባል፤ ስልክ የሚያነሳው ሰውም ቃሉን የሰማበትን ጥሪ በደብተር ምልክት ያድርግ። ስልክ የሚያነሱት ሁሉ ስለ ቃሉ ቀድመው ካልተነገራቸው ግን እንግዳው «ዘጌ» ሲል «ምን አሉኝ?» ይባላል፣ ቆጠራውም እዚያው ይሞታል። የክፍሉን ዋጋ በቪዲዮው ውስጥ በቃል አትናገሩ። ዋጋው ከስድስት ወር በኋላ ሲቀየር ቪዲዮው አሁንም ይታያል፣ ቅሬታው ደግሞ የሚመጣው ወደ እናንተ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ አጠቃቀሙ። «እንጠቀምበት» የሚለው አንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። አንደኛው ሎጁ ቁራጩን በራሱ ፌስቡክና ኢንስታግራም ገጽ ሳይከፍልበት መለጠፉ ነው። ይህ እናንተንም ያስተዋውቃል፤ የመጀመሪያውን 30 ቀን በነፃ ስጡ፣ ለአንድ ዓመት ከፈለጉ የመነሻውን 20 በመቶ፣ ማለትም 2 ሺህ ብር። ሁለተኛው ገንዘብ ከፍሎ በማስታወቂያ መልክ ማሰራጨቱ ነው። ይህ ሌላ ነው፤ ፊታችሁ እናንተን ለማያውቅ ሰው ደጋግሞ ይታያል፣ ሎጁም አዲስ ማስታወቂያ የሚያሠራበትን ወጪ ይቆጥባል። ለዚህ በወር የመነሻውን 25 በመቶ አስከፍሉ፤ 2,500 ብር በወር፣ 7,500 ብር ለ90 ቀን። ለዓመት ከሆነ በ12 ማባዛት ገበያውን ያባርራል፤ 150 በመቶ፣ 15 ሺህ ብር ይበቃል። ሦስተኛው ቢልቦርድ፣ ቴሌቪዥንና ብሮሹር ነው፤ አሁን ካልጠየቁ በዝምታ አትለፉት፣ «አይጨምርም» ብላችሁ ጻፉ። እነዚህ መቶኛዎች ሕግ አይደሉም፤ የመደራደሪያ መነሻ ናቸው።

ያለ ጊዜ ገደብ መስጠት ለምን ይከብዳል? ከዓመት በኋላ ጎርጎራ ላይ ወይም እዚሁ ባሕር ዳር ሌላ ሎጅ ሊያሠራችሁ ቢመጣ፣ ስማችሁን ሲፈልግ የሚያገኘው የዚህን ሎጅ ማስታወቂያ ነው። «እናንተማ የእነ እገሌ ናችሁ» ይላል፣ ይሄዳል። ሌላ ሎጅ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ሳትፈርሙ እንደ ፈረማችሁ ያህል ነው። ሎጁ አስተዳዳሪ ቢለውጥና አገልግሎቱ ቢበላሽም «እኛ አይተነዋል፣ ጥሩ ነው» የሚለው ድምፃችሁ መዞሩን አያቆምም።

ሎጁ የሚፈልገው በእውነት ዘላለምን እንዳልሆነም አስረዷቸው። ቪዲዮው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ከወጣ፣ 90 ቀኑ ገናንና ጥምቀትን አጠቃሎ ይይዛል፤ ዋናው የእንግዳ ወቅት ያ ነው። ከዚያ በኋላ የጥምቀትን ሰሞን ቅስቀሳ መጋቢት ላይ የሚያይ ሰው ክፍል አይዝም። ደግሞ በእናንተ ቻናል ላይ ያለው ቪዲዮ ከነማስታወቂያው እንዳለ ይቀመጣል፤ ጊዜው የሚያልቀው ቁራጩን በሌላ ቦታ መጠቀሙ ነው። ብዙ ባለሆቴል ይህን ልዩነት ሲሰማ ይረጋጋል፤ መጀመሪያም «ያለ ጊዜ ገደብ» ያለው ቪዲዮው ይጠፋብኛል ብሎ ፈርቶ ሊሆን ይችላል።

እንዲያም ሆኖ ዘላቂ ነገር ካስፈለጋቸው የምትሸጡት አለ። ሎጁን ስትቀርጹ ፊታችሁና ድምፃችሁ የሌለበት ምስል ይኖራችኋል፦ ክፍሉ፣ በረንዳው፣ ማለዳ ላይ ሐይቁ። ይህን እንደ ተራ የቀረጻ ሥራ አንድ ጊዜ አስከፍላችሁ ለሁልጊዜ ስጧቸው፤ የሚጎዳችሁ ነገር የለም።

ሳትጠየቁ የማይነሳ አንድ ችግር አለ። የዘጌ ቪዲዮ ውስጥ ያለው ሁሉ የእናንተ አይደለም። የገዳሙ አባቶች የፈቀዱላችሁ ለጉዞ ቪዲዮ እንጂ ለሎጅ ማስታወቂያ አይደለም፤ ታንኳ የሚቀዝፈው ሰውም እንዲሁ። ከጀርባ የገባው ዘፈንም ለዩቲዩብ ቪዲዮ ቢፈቀድ በሚከፈልበት ማስታወቂያ ላይ መብቱን የሚጠይቅ ባለቤት አለው። ስለዚህ ለሎጁ የሚሰጠው ቁራጭ ሙዚቃ የሌለበት፣ እናንተና ሎጁ ብቻ የምትታዩበት ይሁን። 75 ሰከንዱን ስትቀርጹ ይህን አስባችሁ ቅረጹት፤ በኋላ ኤዲት ላይ ቄሱን ከመሃል ማውጣት አይቻልም።

ፋይሉን በእጃቸው ከመስጠት ይልቅ የቲክቶክ ማስታወቂያውን በእናንተ አካውንት በኩል ማስኬድ ይሻላል። ቁራጩን በራሳችሁ ቲክቶክ ትለጥፉና ለዚያ ቪዲዮ የማስታወቂያ ፈቃድ ኮድ አውጥታችሁ ትሰጣላችሁ፤ ቲክቶክ ላይ `Spark Ads` የሚባለው ነው። ጥቅሙ ጊዜው ሲያልቅ ፈቃዱ በራሱ መዘጋቱ ነው፤ ፋይል ከሰጣችሁ ግን የሚያቆመው የሎጁ መልካም ፈቃድ ብቻ ነው። ኮዱ የሚወጣው ለ7፣ ለ30፣ ለ60 ወይም ለ365 ቀን ነው፤ የ90 የለም። «ለማቅለል» ተብሎ የ365ቱን እንዳትሰጡ፤ መጀመሪያ የ60፣ ሲያልቅ የ30 ስጡ። የ60ው ማለቂያ ቀን ሳይደርስ ማስታወቂያውን ለሚያስኬድላቸው ሰው ንገሩት፤ አለዚያ ጥምቀት ሳይደርስ ማስታወቂያው ይቆምና ስልካችሁ ሲጮህ ይውላል።

ቀኑን ስትጽፉ በወር አትጻፉ፤ ከነማለቂያ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ሎጁ ኤጀንሲ ካለው «ጥር» ሲባል ጃንዋሪን የሚያስብ ሰው አይጠፋም፤ አንድ ሳምንት ከዚያ ውስጥ ይጠፋል። መቁጠሪያውም ከፈረማችሁበት ቀን ሳይሆን ቪዲዮው ከወጣበት ይጀምር፤ አለዚያ የኤዲት መዘግየት ከእነሱ 90 ቀን ላይ ይቆረጣል፣ ጭቅጭቁ ለእናንተ ይመጣል። ለመልሳችሁ የሚሆን ጽሑፍ እነሆ፦

«በዘጌ ቪዲዮ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ደቂቃ 75 ሰከንድ ማስታወቂያ፣ 10,000 ብር። ሙዚቃ የሌለውን ቁራጭ በሎጁ ገጾች ያለ ክፍያ ለአንድ ዓመት መለጠፍ፣ 2,000 ብር። በቲክቶክ በሚከፈል ማስታወቂያ ለ90 ቀን፣ ከኅዳር 1 ቀን 2019 ዓ.ም. እስከ ጥር 30 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ከኖቬምበር 10 ቀን 2026 እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2027፣ 7,500 ብር። ድምር 19,500 ብር፣ ቫት ሳይጨምር። ሌላ ማንኛውም አጠቃቀም በተለየ ስምምነት። አንድ ዙር እርማት።»

«ከ15 ሺህ በላይ የለንም» ካሉ 19,500ውን ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ የሚሰጠውን ቀንሱ። የሚከፈልበት ማስታወቂያ ከ90 ወደ 30 ቀን ሲወርድ ድምሩ 14,500 ይሆናል፤ የ30ውን ቀን እነሱ ይምረጡ፣ እኔ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ ያለውን እመክራለሁ። ያለ ምክንያት ከቀነሳችሁ ግን የመጀመሪያው ቁጥር የተጋነነ እንደነበር ራሳችሁ ነገራችኋቸው ማለት ነው።

ግማሹ ከቀረጻ በፊት፣ ቀሪው ረቂቁን አይተው ሲያጸድቁና ቪዲዮው ሳይወጣ ይከፈል። ቪዲዮውን ስትጭኑ `Paid promotion` የሚለውን ምልክት ማድረግ አትርሱ፤ የዩቲዩብ ግዴታ ነው። ክፍያው ላይ ዊዝሆልዲንግ ይቆረጥ እንደሆነና ደረሰኝ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚደርሳችሁ ገንዘብ ከተስማማችሁበት ሲያንስ የሚያስደነግጠው ያኔ ነው። ምናልባትም «የቀረውን በአልጋ እንክፈላችሁ» ይሉ ይሆናል። መቀበል ይቻላል፤ ሌሊቱን ግን በጠረጴዛው ላይ በተለጠፈው 4,500 አትቁጠሩት። ገንዘቡ በእጃችሁ ቢሆን በዚያ ሎጅ ለማደር ስንት ታወጡ ነበር፣ በዚያ ቁጠሩት፤ ባሕር ዳር ቤት ላለው ሰው ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰቦቻችሁ ማስተላለፍ የምትችሉት፣ በዓል ሰሞንንም የሚጨምር፣ ዓመት ሙሉ የሚሠራ ኩፖን ከሆነ ግን ወደ ሙሉ ዋጋው ይጠጋል።